ፊትና ድምፅ የባለቤቱ ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ ከሐይቅ

ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሰው መልክና ድምፅ ያለ ፈቃዱ በኮምፒውተር ተሠርቶ ሲሰራጭ ተበዳዩ የሚቆምበት ሕግ እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በሐይቅ ከተማ ራፖር እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። የወሰን ክርክር፣ የቀለብ ጥያቄ፣ የውርስ ማጣሪያ፣ ያልተመለሰ ብድር፤ የተሁለደሬና የአምባሰል ባለጉዳይ የሚያመጣልኝ ይኸው ነው። ባለጉዳዩ ነገሩን ሲያጫውተኝ ገና ሳይጨርስ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚያርፍ ይገባኛል። አሁን የምጽፍላችሁ ግን አንቀጹን ፈልጌ ስላጣሁለት ጉዳይ ነው።

አንዲት ወጣት ከታላቅ እህቷ ጋር መጣች። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን በመጠኑ ቀይሬዋለሁ። ከጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር የተነሳችውን ፎቶ በማኅበራዊ ገጿ ላይ ለጥፋ ነበር። አንድ የማታውቀው ሰው ያንን ፎቶ ወስዶ፣ ልብስ ያወልቃል በሚባል መተግበሪያ ራቁቷን አስመስሎ ሠራው። መጀመሪያ በቴሌግራም ቡድን ወጣ። ከዚያ ስልክ ለስልክ በዜንደር፣ ቀጥሎም በሚሞሪ ካርድ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። እህትየው ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። ከአንገት በላይ አንድ ናቸው። የራሷ ዘንበል ማለት፣ ንፋስ ጉንጯ ላይ ያመጣው ፀጉር፣ የጆሮ ጌጧ፣ ከኋላዋ የሚታየው የውኃው ጠርዝ ሳይቀር አንድ ነው። መተግበሪያው ፊቷንና ጀርባውን እንዳለ ትቶ፣ ልብስ የነበረበትን ቦታ ብቻ ከሌሎች ሴቶች ፎቶ በተማረው ግምት ሞልቶታል። አካሉ የማንም አይደለም። ሐፍረቱና ጉዳቱ ግን የእርሷ ነው፤ ትምህርቷን አቋርጣ እቤት ተቀምጣለች።

ዲፕፌክ የሚባለው ነገር ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ያላለውን ሲናገር የሚታይ ባለሥልጣንን ነው። ዲፕትሬስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ኢንተርኔት ላይ ያገኛቸውን ዲፕፌክ ቪዲዮዎች ሲቆጥር ግን 96 በመቶዎቹ ያለፈቃድ የተሠሩ የወሲብ ቪዲዮዎች ነበሩ። ነገሩ ከመነሻው በብዛት የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። ሕጋችን ደግሞ ዓይኑን የጣለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ይህን ለማሳየት የዚያችን ወጣት አቤቱታ ለመጻፍ የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ያነሳሁት የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነበር። ምስሉ ሐሰት ስለሆነ ሐሰተኛ መረጃ ነው ብዬ ልጽፍ። አዋጁ ግን ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ሐሰት የሆነውን ሁሉ አይደለም። ንግግሩ ሁከት፣ ረብሻ ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። አንዲት ልጅ እቤቷ ተዘግታ ብታለቅስ ሐይቅ ውስጥ ሁከት አይነሳም። የጥላቻ ንግግር የሚለው ክፍልም አይይዘውም፤ እርሱ የሚጠብቀው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት የተነሳ ጥላቻና ጥቃት እንዳይቀሰቀስ ነው። ይኼ ሰው ደግሞ የሠራው በአንዲት ሴት ገላ ላይ ነው፤ በማንም ላይ ተነሱ አላለም። አዋጁ የሕዝብን ሰላም ለመጠበቅ የተጻፈ ነው፣ ዓላማውም ተገቢ ነው። የአንድን ሰው ክብር ግን በዚያ በር ማስገባት አይቻልም።

ቀጥሎ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። አንቀጽ 13 ክብርን ወይም መልካም ስምን የሚያጎድፍ ምስል በኮምፒውተር ሥርዓት ያሰራጨ ሰው፣ ተበዳዩ ሲያመለክት፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት እንደሚችል ይላል። ከሁሉ የቀረበው ይኼ ነው፣ አቤቱታውንም የጻፍኩት በእርሱ ላይ ነው። ሁለት ነገር ግን ከፊቴ ተደቀነ። አንደኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው። በዚህ አዋጅ የተደነገጉ ወንጀሎችን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ በክልል ሲሆን ሥልጣኑ በሕገ መንግሥቱ ውክልና ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የወረዳው ፍርድ ቤት ከቤቷ በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ ጉዳዩን ማየት አይችልም። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ማን ያሰራጨው ነው ጥያቄው? ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ሰው በቅጽል ስም ተደብቋል። በሚሞሪ ያዞሩት ደግሞ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም «እኔ አልሠራሁትም፣ መጣልኝ አየሁት» ይላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ምስሉ ላይ «ይህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ አክሎበት ነበር፤ «እውነት አይደለም ብዬ ጽፌ እንዴት ስም አጠፋሁ እባላለሁ?» የሚል ክርክር አዘጋጅቷል። የሕጉ ሚዛን እውነትና ሐሰት ከሆነ ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ ይመስላል።

በመጨረሻ የደረስኩት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው በአክብሮት ነው፤ ከእኛ አብዛኞቻችን ስልክ የሚባል ነገር ሳናይ የተጻፈ ሕግ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጉዳዩን በትክክል ይዞታልና። አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ባለቤቱ ሳይፈቅድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ምስሉ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ያስነሳው ሁከት አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ፈቅዷል? አንቀጽ 28 ደግሞ ገደቡን ያስቀምጣል። ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ጉዳዩ የፍትሕ፣ የሳይንስ፣ የባህል ወይም የትምህርት ሲሆን፣ ወይም ምስሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁኔታ የተወሰደ ሲሆን ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። አንቀጽ 30 ሞቶ መናገር ለማይችለውም ሰው ክብሩን በሚነካ ጊዜ የትዳር ጓደኛውና ዘመዶቹ እንዲናገሩለት ይፈቅዳል።

ይህ ሁሉ እያለ ታዲያ ክፍተቱ የት ነው? አንደኛ፣ ሕጉ የሚለው ፎቶግራፍና ሥዕል ነው፤ ድምፅ የሚል የለበትም። ሁለተኛ፣ «አልተባዛም፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ከመጀመሪያውም አልነበረም፣ አዲስ ተፈጠረ እንጂ» ለሚል ተከራካሪ ክፍት ነው። ሦስተኛ፣ ካሳው ነው። ገንዘብ የሚታሰበው ምስሉን ያሳየው ሰው ባገኘው ጥቅም ልክ ነው፣ ምስሉን በነፃ ያዞረ ጎረምሳ ደግሞ ያገኘው ጥቅም የለም። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በወጣበት ዘመን 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጅቷ ከሐይቅ ወደ ፍርድ ቤት ለመመላለስ እንኳ አይበቃትም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው፤ ዲፕፌክን የሚመለከት ሕግ ስታዘጋጁ መነሻችሁ አዋጅ 1185 ሳይሆን አንቀጽ 27 ይሁን። «ይህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» የሚለውን ወደ ኋላ አድርጋችሁ «ፊቱና ድምፁ የተወሰደበት ሰው ፈቅዷል ወይ? ምን ጉዳትስ ደረሰበት?» የሚለውን አስቀድሙ። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ይመስላሉ፣ የሚደርሱበት ቦታ ግን ይለያያል። በእውነትና በሐሰት ሲመዘን መንግሥት የእውነት ዳኛ ይሆናል፣ ተቺውም ጋዜጠኛውም ይፈራል። በፈቃድ ሲመዘን ዳኛው የሚፈርደው በአንድ ሰውና መልኩን በወሰደበት ሰው መካከል ነው። ያ ጎረምሳ ያከለው «የተሠራ ነው» የሚል ጽሑፍም ያኔ አያድነውም፤ ልጅቷ አልፈቀደችም።

ድምፅን ለምን አጥብቄ እንደምጠይቅ ላስረዳ። ከተሁለደሬ፣ ከአምባሰል፣ ከወረባቦ ስንት ልጆች ሳውዲ እንዳሉ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለብዙ እናት ልጇ ማለት በስልክ የምትመጣ ድምፅ ናት፤ ለዓመታት ያላት እርሷ ብቻ ናት። በየመን በኩል በተሰደዱት ላይ ደላሎች ልጁን እያስለቀሱ ለቤተሰብ ደውለው ገንዘብ ሲጠይቁ አገራችን ኖራበታለች። አሁን ልጁን መያዝ ሳያስፈልግ ድምፁን ብቻ መያዝ የሚቻልበት ዘመን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያስተዋወቀው የምርምር ሥራ የአንድን ሰው ድምፅ ለመምሰል የ3 ሰከንድ ናሙና ይበቃል ብሎ ነበር። ሳውዲ ያለች ልጅ ቲክቶክ ላይ ያስቀመጠችው የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ለምታነቡኝ እናቶችና አባቶች በዚህ አጋጣሚ ልናገር፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግታችሁ እናንተ ራሳችሁ በቀድሞው ቁጥር ደውሉ፣ ካልተነሳ አብራት ያለች ሌላ ልጅ ዘንድ ደውሉ፣ ከተነሳ ደግሞ ስልክ ላይ ተጽፎ የማያውቅ የቤት ነገር ጠይቁ።

እንዲህ ያለ ማጭበርበር በነባሩ ሕግም ወንጀል ነው፣ ገንዘብ የወሰደ ይጠየቃል። ድምፅ በሕግ የባለቤቱ መሆኑ የሚፈተነው ማጭበርበር በሌለበት ቦታ ነው። ለዚህ ደግሞ ከአምባሰል የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። አምባሰል ተራራ ነው፣ ወረዳ ነው፣ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱም ነው። ዜማውን ማንም ይዘፍነዋል። የሠርግ ዘፋኝ፣ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ማንንም አያስፈቅድም፣ ሊያስፈቅድም አይገባም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜመው ግን የምንሰማው ቅኝቱን ብቻ አይደለም፤ የእርሷን ጉሮሮ፣ የእርሷን እንጉርጉሮ፣ ቃሉን የምትጎትትበትን የእርሷን መንገድ ነው። ነገ አንድ ሰው ያንን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ አዲስ ግጥም ቢያዘፍነው፣ በግጥሙም አንዱን ወገን ቢያወድስ ወይም ሌላውን ቢሰድብ፣ የትኛው ሕግ ይከለክለዋል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ግን የተከወነውንና የተቀረጸውን ሥራ ነው። ማንም የእርሷን ካሴት አልገለበጠም። ዜማውም የሁላችን ነው። የተወሰደው ድምፅዋ ብቻ ነው፣ እርሱ ደግሞ በሕጋችን ባለቤት የለውም።

አሜሪካ ውስጥ የሙዚቃ ከተማ ናሽቪል ያለችበት የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ የሰውን ድምፅ ከስሙና ከፎቶው ጋር እኩል ጥበቃ ሰጥቶታል። ከአንቀጽ 27 ጋር ሲተያይ የሚጨመረው አንድ ቃል ነው፣ «ድምፅ»። በኛ በኩል ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ወጣት የአንዲትን ታላቅ ዘፋኝ አዘፋፈን ተምሮ በራሱ ጉሮሮ ቢያስመስል በምንም መንገድ ሊከለከል አይገባም። የወሎ ዘፈን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው እንዲሁ በማስመሰል ነው። ሕጉ የሚነካው የሰውየው ድምፅ ራሱ በማሽን ተቀድቶ ያላለውን እንዲል ሲደረግ ብቻ ይሁን።

የመናገር ነፃነትን በተመለከተ የሚያሰጋኝን በግልጽ እናገራለሁ። ፈቃድን መለኪያ ያደረገ ሕግ በሹማምንት እጅ ሲገባ «የእኔን መልክ ለቀልድ ለመጠቀም አልፈቀድኩም» የሚል ዱላ ሊሆን ይችላል። በጠጅ ቤት አዝማሪ ጌታውን ፊት ለፊት በቅኔ ሲሸነቁጠው የኖረ አገር ነው የእኛ፤ ያንን ነገር በአዲስ መሣሪያ የሚያደርገው ልጅ ወህኒ መውረድ የለበትም። ስለዚህ የአንቀጽ 28 ገደብ ከነሙሉ ክብሩ ይቆይ። ባለሥልጣንና በአደባባይ የሚታወቅ ሰው በፌዝ፣ በሥነ ጥበብና በፖለቲካ ትችት መልኩ ቢሠራ ፈቃድ አይጠየቅ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ይሁን፤ የሚያየው ሰው ፌዝ መሆኑን ያለ ምርመራ የሚያውቀው ይሁን። እዚህ ላይ «የተሠራ ነው» የሚለው ጽሑፍ ሥራ አለው፣ ማታለልን ያስቀራልና። በራቁት ምስል ላይ ግን ሥራ የለውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከማታለል አይደለም፣ ከማዋረድ ነው። ለሹምም ቢሆን የራቁት ምስል ፌዝ ተብሎ አይታለፍ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሰዎች በመልካቸው፣ በአካላቸውና በድምፃቸው ላይ መብት የሚሰጥ ረቂቅ ስታቀርብ ፌዝንና ምፀትን ከክልከላው ውጭ አድርጋለች። አዋጅ 1185ም ቢሆን በአንቀጽ 6 ለሥነ ጥበብ፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለትምህርትና ለሃይማኖታዊ አስተምህሮ ቦታ ትቷል፤ አዲሱ ሕግ ከዚያ ጠብቦ መምጣት የለበትም።

እውነትና ሐሰትን በሩቅ ሆኖ መዳኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኛ ወሎዎች አይተነዋል። በሐምሌ 2013 አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ በአማርኛ፣ የሕወሓት ታጣቂዎች በራያ ቆቦ ሴቶችንና ሕፃናትን እንደገደሉና እንደደፈሩ፣ የትግራይ ተወላጅ ነዋሪዎችም እንደተባበሩ ጻፈ። መረጃውን ከነዋሪዎች አገኘሁ አለ። የኩባንያው አማርኛ የሚያነብ ማሽን አነሳው፣ ሰዎች አይተው አጸኑት፣ ጉዳዩ ወደ ሜታ ቁጥጥር ቦርድ ሲሄድ ደግሞ ኩባንያው ተሳስቻለሁ ብሎ መለሰው። ቦርዱ በታኅሣሥ 2014 በሰጠው ውሳኔ መነሳቱ ትክክል ነበር አለ፤ ነዋሪዎችን በጅምላ የሚወነጅል ያልተረጋገጠ ወሬ በጦርነት መካከል ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል በማለት። አንድ ጽሑፍ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። የቦርዱ ሥጋት ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚያው ልክ በዚያ ወቅት በየቤቱ የደረሰውን ለዓለም ለማሰማት ፌስቡክ እንጂ ሌላ ያልነበረውን ሰውም አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ክርክር አዋጅ 1185 ይያዘው፣ ዳኞች ይድከሙበት። የዲፕፌክ ሕግ ግን ወደዚህ እንዳይገባ አደራ እላለሁ። ሰው ያየውን ሲናገር «የተቀነባበረ ነው» ተብሎ አፉ የሚዘጋበት መሣሪያ መሆን የለበትም።

ያ ፍርሃት ከአየር የመጣ አይደለም። ጋቦን ውስጥ ታሞ ለወራት ከሕዝብ ዓይን የጠፋው ፕሬዝዳንት አሊ ቦንጎ እ.ኤ.አ. በ2019 መባቻ በቪዲዮ ሲቀርብ ብዙዎች ዲፕፌክ ነው አሉ። ሐሰት መሆኑን ያረጋገጠ አልተገኘም፣ በቀናት ውስጥ ግን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። ዲፕፌክ መኖሩ ብቻውን እውነተኛውን ቪዲዮ ያስክዳል። ጥፋት ሲፈጽም በስልክ የተቀረጸ ሰው ነገ «ማሽን ነው የሠራው» ቢል ምን እንላለን?

መልክ ያለፈቃድ ሲወሰድ ጥፋት ለማምጣት ማሽን እንኳ እንደማያስፈልግ ደግሞ ባሕር ዳር አሳይቶናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶግራፋቸው ከስማቸው፣ ከሥራ ቦታቸውና ከውንጀላ ጋር በመስከረም መጨረሻ 2014 ፌስቡክ ላይ ወጣ። ፎቶው እውነተኛ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመለከተ። ፕሮፌሰሩ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ፤ ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ ይጥሳል የሚል መልስ ለቤተሰቡ የደረሰው ከተገደሉ ከ8 ቀን በኋላ ነው። ልጃቸው ኬንያ ውስጥ የከፈተውን ክስ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በመጋቢት 2017 ነው። አዋጅ 1185 የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያዛል፤ ያ ሰዓት ግን የሚቆጠረው በአዋጁ ለተከለከለ ንግግር ነው፣ የዚያችን ወጣት ጉዳይ አያካትትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ባጸደቀችው ሕግ ያለፈቃድ የወጣ የራቁት ምስል፣ በማሽን የተሠራውንም ጨምሮ፣ ተበዳዩ በጠየቀ በ48 ሰዓት እንዲነሳ አዛለች። እኛ የራሳችን 24 ሰዓት አለን። በዚያ ላይ የፈቃድን ጉዳይ መጨመር ነው የሚያስፈልገው፣ ጠያቂውም በቀጥታ ተበዳዩ ይሁን።

አሁን ማስረጃ ላይ ላተኩር፣ እዚያ ነው ጉዳይ የሚወድቀው። ባለጉዳይ የሚያመጣልኝ ብዙ ጊዜ የስክሪን ፎቶ ወይም በቴሌግራም የተላለፈ ምስል ነው። ቴሌግራም ምስልን ሲያስተላልፍ ያሳንሰዋል፣ መቼና በምን እንደተነሳ የሚናገረውን ውስጣዊ መረጃም ያጠፋል። ፋይል ተብሎ ከተላከ ብቻ ነው እንደነበረ የሚቀረው። የድምፅ መልእክትም እንዲሁ ተጨምቆ ይመጣል። በሚሞሪ ካርድ የዞረ ደግሞ ከየት እንደተነሳ ፈጽሞ አይናገርም። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ይህ ልማድ ሥር ሰዷል። ዲፕፌክን የሚለይ መሣሪያ አለ ቢባል እንኳ የሚያየው ይህንን የተፋቀ ቅጂ ነው፣ ውጤቱም እርግጠኛ አይደለም። ለዚህ ነው የዚያችን ወጣት ጉዳይ በመሣሪያ ምስክርነት ላይ ያልጣልኩት። ትክክለኛውን ፎቶ ከነተነሳበት ስልኩ አስመጣሁ፣ ቀኑ የሚታይበትን ገጿን አስቀረጽኩ፣ ሁለቱን ምስሎች አትሜ ፀጉሯን፣ ጌጧንና የውኃውን ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩ። ማንም ዳኛ ያየዋል።

ድምፅ ላይ ለጊዜው የሚረዳን የራሳችን ፊደል ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ «ዋና» ውኃ ውስጥ ይሁን ዋናው በር፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ አንባቢው ከነገሩ ያውቃል። ጽሑፍ እያነበበ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ግን እዚህ ላይ ይስታል፤ የላላውን ያጠብቃል፣ የጠበቀውን ያላላል። አንድ የወሎ ሰው በአፉ የማይስተውን ስሕተት «ልጅሽ ነኝ» የሚል ድምፅ ሲስተው ብትሰሙ ተጠራጠሩ። በዚህ ብቻ ግን አትተማመኑ። ሌላም ዓይነት አሠራር አለ፤ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ራሱ ይናገራል፣ ማሽኑ የሚለውጠው የድምፁን መልክ ብቻ ነው። ያኔ መጥበቁም መላላቱም ልክ ይሆናል። ከጆሮ በላይ ጥያቄ፣ ከጥያቄም በላይ መልሶ መደወል ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐሰቱን ከመለየት ይልቅ እውነቱን ማተም ይቀላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስጻፉት፣ መልካቸውም የተሣለበት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል አለ። በእንዲህ ያሉ ወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ስጦታና ጉልት ከምስክር ስም ጋር ይጻፍ ነበር፤ ወረቀት ለብቻው ይቀየራል፣ ይሰረዛል፣ መጽሐፉ ውስጥ የገባ ግን ማኅበሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዛሬ ከፌዴራል እስከ ወረዳ ድረስ ያለ መሥሪያ ቤት በቪዲዮና በድምፅ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ በታወቀ አንድ ቦታ ሳይቆረጥ ቢያስቀምጥና ቀኑን ቢጽፍበት፣ የተቆራረጠውን ይዞ የመጣ ሰው ከዋናው ጋር ማስተያየት ይችላል። አዲስ ባለሥልጣን ማቋቋምም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

የምጠይቃችሁን በቀጥታ ልጻፍ። በአንቀጽ 27 ላይ «ድምፅ» እና «በማንኛውም መሣሪያ የተሠራ የሰውን መልክ የያዘ ምስል» የሚሉት ይጨመሩበት፤ አንቀጽ 28 ከነገደቡ ይቆይ፤ አንቀጽ 30ም ድምፅን ይያዝ፣ የሞቱ ዘፋኞቻችን ቤተሰቦች መናገር እንዲችሉ። የ1,000 ብሩ የኅሊና ካሳ ጣሪያ ይነሳ። የወረዳ ፍርድ ቤት፣ ተበዳዩ ዋናውን ፎቶ ወይም በሌላ መንገድ ማንነቱን ካሳየ፣ አሰራጩ ማን እንደሆነ ባይታወቅም እንኳ በዕለቱ «ይነሳ፣ አይተላለፍ» ብሎ ጊዜያዊ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ያግኝ፤ ያንን ትእዛዝ አውቆ የሚያስተላልፍ ሰው «አልሠራሁትም» ማለቱ አይጥቀመው። መተግበሪያ መጠቀምን ወይም በማሽን ምስል መሥራትን በራሱ ወንጀል አታድርጉ፤ ፈቃድ አውጡ የሚል ደንብም አታምጡ። ጽሑፍ የሚያስውብ ተማሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ፣ ሹምን የሚያፌዝ ቀልደኛ በዚህ ሕግ ስም ፖሊስ ጣቢያ መቆም የለበትም።

ረቂቁ ሲዘጋጅ ለውይይት ደሴ ድረስ ብትመጡ ከሐይቅና ከውጫሌ የምንመጣ ራፖር ጸሐፊዎች፣ የአምባሰል ዘፋኞችና ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ እናቶች ቀርበን እንናገራለን። ያቺ ወጣት ግን አትመጣም። ጉዳይዋ አሁንም በቀጠሮ ላይ ነው፣ ምስሉም አሁንም ይዞራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ራፖር ጸሐፊ
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ